ከውጭ የመጣ የቀለም ጣሳ፦ ካሬ ሜትር በሊትርን ወደ ስኩዌር ፊት በጋሎን ስትቀይሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ቀለም የምንቀባ ሐበሾች ሥራ ስንተምን የምናስበው በስኩዌር ፊትና በጋሎን ነው። ሱቅ ያለው የግድግዳ ቀለም አብዛኛው አንድ ጋሎን ከ350 እስከ 400 ስኩዌር ፊት ይሸፍናል ይላል፤ ሒሳቡ ቆመን ሳለን ያልቃል። ጣጣው የሚመጣው የቤቱ ባለቤት ከእንግሊዝ ወይም ከጀርመን ያስመጣውን ባለ 2.5 ሊትር ጣሳ ይዞ ሲቀርብ ነው። ጀርባው ላይ «12 m²/L» ብቻ ተጽፏል፤ አንድ ሊትር 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ስህተቶች ሁሌም ያው ናቸው።

ካሬውን ቀይሮ ሊትሩን መርሳት

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። አንድ ካሬ ሜትር 10.76 ስኩዌር ፊት መሆኑን ሰዉ ያውቃል፤ 12ን በ10.76 ያባዛና 129 ያገኛል፤ እዚያው ያቆማል። 129 ስኩዌር ፊት ግን የአንድ ሊትር ነው። የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር ስለሚይዝ ገና በ3.785 መባዛት አለበት፤ ያኔ 489 ይመጣል።

እዚህ ላይ ደግሞ በማባዛት ፈንታ የሚያካፍል አለ። 129ን ለ3.785 አካፍሎ 34 ስኩዌር ፊት ሲወጣለት እንኳ አይደነግጥም። አንድ ተራ በር 21 ስኩዌር ፊት ነው። በጋሎን አንድ በር ተኩል ብቻ የሚቀባ የግድግዳ ቀለም የት አለ? በ3.28 የሚያባዛም አጋጥሞኛል፤ 3.28 የርዝመት ነው፣ ለግድግዳ አይሆንም።

ሁለቱን እርምጃ አንድ ላይ ካደረጋችሁ የምትይዙት ቁጥር አንድ ብቻ ነው፦

```
m²/L × 40.75 = ft²/gal
```

ስልክ እጃችሁ ላይ ከሌለ በ40 አባዙና ትንሽ ጨምሩበት። 12 በ40 480 ነው፤ ትክክለኛው 489። ለግምት ይበቃል። ለተራ የግድግዳ ቀለም የወጣላችሁ ቁጥር ከ250 በታች ወይም ከ550 በላይ ከሆነ ቀለሙ ተአምረኛ ነው ከማለታችሁ በፊት ሒሳቡን ድገሙት።

ጋሎን ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል፤ ምክንያቱም የሚሳሳተው ሰነፉ ሳይሆን በጥንቃቄ የሚሠራው ልጅ ነው። ሁለቱንም ቀይሯል፣ አባዝቷል፣ ወረቀት ላይ ጽፏል፣ ግን የያዘው ጋሎን የእንግሊዝ ነው።

ሁለት ጋሎን አለ። እንግሊዞች በ1824 አዲስ ጋሎን ደነገጉ፤ አሥር ፓውንድ ውኃ የሚይዝ፣ በዛሬው ልክ 4.546 ሊትር ማለት ነው። አሜሪካኖች ግን ከዚያ በፊት ወይን ይሰፈርበት በነበረው አሮጌ ጋሎን ቀጠሉ፤ እሱ 3.785 ሊትር ነው። ልዩነቱ ሃያ በመቶ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው መቀየሪያ ሁለቱንም ይዟል፤ ጣሳው ከእንግሊዝ ስለመጣ ብቻ ብዙ ሰው ሳያስበው የእንግሊዙን ይመርጣል። ጣሳው ላይ እኮ ጋሎን የሚል ነገር የለም! ጋሎኑን የምታመጡት እናንተ ናችሁ፤ የምትሠሩት አሜሪካ ስለሆነ የአሜሪካው ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ ልጅ ሳሎን ያዘ። ክፍሉ 15 በ18 ፊት፣ ከፍታው 9 ፊት። ዙሪያው 66 ፊት ስለሆነ ግድግዳው 594 ስኩዌር ፊት ይመጣል። አንድ በር 21፣ ሁለት መስኮት 30 ሲቀነስ 543 ይቀራል። ሁለት እጅ ስለሚቀባ 1,086። ቀለሙ ያው 12 በሊትር የሚለው የእንግሊዝ ጣሳ ነው። የስልኩ መቀየሪያ በጋሎን 587 አለው። 1,086ን ለ587 ሲያካፍል 1.85 ጋሎን ወጣ፤ ይህን በ3.785 አባዝቶ ሰባት ሊትር ደረሰ። ሦስት ጣሳ 7.5 ሊትር ነው፤ «ግማሽ ሊትር ይተርፈኛል» ብሎ ሦስት አስመጣ።

በትክክለኛው 489 ቢሠራው 2.22 ጋሎን፣ ማለትም 8.4 ሊትር፣ አራት ጣሳ ነበር። ሁለተኛው እጅ ላይ ወደ 118 ስኩዌር ፊት ሲቀረው ጣሳው ተሟጠጠ፤ አጭሩ ግድግዳ ሙሉውን ማለት ይቻላል። አራተኛው ጣሳ ባሕር አቋርጦ እስኪመጣ ሥራው ቆመ። ሲመጣም የባች ቁጥሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ባች ማለት ስሙ አንድ ሆኖ መልኩ በጥቂቱ ሊለይ ይችላል ማለት ነው፤ እሱም ከመሀል ግድግዳ ስለቀጠለ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት መጋጠሚያው ፍንትው ብሎ ታየ። ያንን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ እንደገና ቀባው። ባቾቹ የተለያዩ ሲሆኑ ሳይጀመር ሁሉንም በአንድ ትልቅ ባልዲ መቀላቀል ነው፤ አለዚያም አዲሱን ጣሳ ከማዕዘን መጀመር።

«ጋሼ፣ ጋሎን ጋሎን አይደለም እንዴ?» አለኝ በኋላ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እጁም ንጹሕ ነው፤ ይህን ያስተማረው ሰው ግን አልነበረም።

መቀየሪያው የትኛውን ጋሎን እንደያዘ ለማወቅ 1 አስገቡለት። 40.7 ካላችሁ የአሜሪካ ነው፤ 48.9 ካለ የእንግሊዝ ነው። አዲስ አበባ ለሠራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ እዚያ ጣሳውን ራሱን ጋሎን ማለት የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ጣሳው ላይ የታተመውን ሊትር ሳታነቡ እንዳትቆጥሩ።

ለመሆኑ የምትፈልጉት ስንት ጣሳ እንደሚያዝ ብቻ ከሆነ ጋሎን ውስጥ ለምን ትገባላችሁ? ግድግዳውን ወደ ካሬ ሜትር ቀይሩት። 543ን ለ10.76 ስታካፍሉ 50.5 ካሬ፣ ሁለት እጅ 101 ካሬ፤ ለ12 ሲካፈል 8.4 ሊትር። አለቀ። በጋሎን ስንት ስኩዌር ፊት እንደሚሸፍን ማወቅ የሚያስፈልገው ከአገር ውስጡ ቀለም ጋር ለማወዳደርና ባለቤቱ የሚያነበውን ኤስቲሜት ለመጻፍ ነው።

የተገለበጠውን ቁጥር ሳይገለብጡ ማባዛት

የጀርመን ጣሳ፣ በተለይ የሲሊኬት ቀለም፣ ብዙ ጊዜ «0,12 L/m²» ብሎ ይጽፋል። ኮማው ነጥብ ነው፤ እነሱ እንደዚያ ነው የሚጽፉት። ቁጥሩ ደግሞ አንድ ሊትር ስንት ካሬ ይሸፍናል ሳይሆን አንድ ካሬ ስንት ሊትር ይበላል ነው የሚለው። በ40.75 በቀጥታ ካባዛችሁት 4.9 ይወጣል፤ ትርጉም የለውም። መጀመሪያ 1ን ለ0.12 አካፍሉ፣ 8.33 ካሬ በሊትር ይሆናል፤ በ40.75 ሲባዛ 339 ስኩዌር ፊት በጋሎን። «120 ml/m²» ካለም ያው ነው፤ 120 ሚሊ ሊትር 0.12 ሊትር ነው። ከጎኑ ያለችውንም ትንሽ ጽሑፍ እዩ፤ አንዳንዱ ቁጥሩን የሚሰጠው ለሁለት እጅ ደምሮ ነው፤ እሱን እንደገና ለሁለት እጅ ብላችሁ በእጥፍ ካሰባችሁ ግማሹ ቀለም ጋራዥ ውስጥ ይቀራል።

ጣሳን ከጋሎን ጋር በዋጋ ማወዳደር

2.5 ሊትር 0.66 ጋሎን ነው። ለምሳሌ ያህል የውጭው ጣሳ 120 ዶላር፣ የሱቁ ጋሎን 70 ዶላር ቢሆን ባለቤቱ «እጥፍ እንኳ አይሞላም» ይላል። ጣሳው የሚሸፍነው 323 ስኩዌር ፊት ነው፤ በአንድ እጅ ለስኩዌር ፊት 37 ሳንቲም ይደርሳል። 400 የሚሸፍነው ጋሎን ግን 17.5 ሳንቲም ነው። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ከመፈራረማችሁ በፊት በጽሑፍ አሳዩት።

የጣሳውን ቁጥር እንደ ቃል ኪዳን መያዝ

489 ብሎ መጻፍ ትክክለኛ ያስመስላል እንጂ ከኋላው ያለው 12 ራሱ ለስላሳና ፕራይመር በቅጡ የጠጣ ግድግዳ ላይ የሚገኝ ነው። ብዙ ጣሳ «እስከ» የምትል ቃል ከፊቱ አለችው። አዲስ ድራይዎል ፕራይመር ካልተቀባ፣ ልስኑ ሻካራ ከሆነ፣ ወይም ጡብ ከሆነ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ ደግሞ ሒሳብ አይነግራችሁም፣ ግድግዳው ነው የሚነግራችሁ።

እንዲህ አድርጉ፦ ቀሪውን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ጣሳ ይዛችሁ ግድግዳው ላይ 5 በ5 ፊት በቴፕ ከልሉ። 25 ስኩዌር ፊት፣ 2.32 ካሬ ሜትር ነው። ሮለሩን አስቀድማችሁ ቀለም አጠጡት፤ ደረቅ ሮለር የሚጠጣው ቀለም ልኬቱን ያበላሻል። ከዚያ በመስፈሪያ የለካችሁትን ቀለም ትሪው ላይ አፍስሳችሁ አንድ እጅ ቀቡ፤ ሮለሩን መጀመሪያ እንደነበረው እርጥብ አድርጋችሁ ተዉትና ትሪው ላይ የቀረውን መልሳችሁ ለኩ። በ12 ቢሄድ 194 ሚሊ ሊትር ገደማ መውሰድ ነበረበት። 240 ከወሰደ ያ ግድግዳ 9.7 ካሬ በሊትር፣ ወደ 394 ስኩዌር ፊት በጋሎን ነው የሚሄደው።

ይህ ልኬት ግን የመጀመሪያው እጅ ነው። ሁለተኛው እጅ የሚያርፈው በታሸገ ገጽ ላይ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ወደ ጣሳው ቁጥር ይጠጋል። ለዚያ ሳሎን የመጀመሪያው እጅ 5.2 ሊትር፣ ሁለተኛው 4.2 ሊትር፣ ድምሩ 9.4 ይሆናል። አራት ጣሳ አሥር ሊትር ነው፤ የሚተርፈውን ክዳኑን አጥብቃችሁ ለመነካካት ለባለቤቱ ተዉለት፣ የባች ቁጥሩንም ክዳኑ ላይ ጻፉበት።