ኮንክሪቱ ለምን አነሰ? የ1.54 ስሌት

ድሬዳዋ ውስጥ 5 በ4 ሜትር የሆነ፣ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የግቢ ወለል ሲሞላ ሲሶ ያህሉ ሳይሸፈን ኮንክሪቱ አለቀ። ስህተቱ 2 ሜትር ኩቡን በቀጥታ ለ7፣ ማለትም ለ1 ሲሚንቶ፣ ለ2 አሸዋና ለ4 ጠጠር ድምር (1፡2፡4)፣ ማካፈሉ ነበር። በጠጠሩ መሃል ያለውን ክፍተት አሸዋው፣ በአሸዋው መሃል ያለውን ደግሞ ሲሚንቶና ውሃ ይሞሉታል። አየሩ ሲወጣ 1.54 ሜትር ኩብ የሚሆን ደረቅ ዕቃ ወደ 1 ይወርዳል።

2 በ1.54 ሲባዛ 3.08 ነው። ለ7 ሲካፈል ሲሚንቶው 0.44፣ አሸዋው 0.88፣ ጠጠሩ 1.76 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ 1440 ኪሎ ስለሚመዝን ሲሚንቶው በ1440 ሲባዛ 634 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 13 ከረጢት ነው፤ የተገዛው ግን 9 ብቻ ነበር።

1.54 የብክነት መጠባበቂያን አይጨምርም፤ እሱ ለብቻው ይታሰባል። አሸዋው እርጥብ ከሆነም በሳጥን ሲሰፈር ስለሚያብጥ ትንሽ ይጨመርበት።