ብዙ ፋይሎችን በአንድ ትዕዛዝ ማጥፋትና ማዘዋወር፦ በኮከብ ምልክት ሳይሳሳቱ እንዴት ይሠራል?

የምሠራው ቡራዩ ነው፤ ከአምቦ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት። ጥር ሲገባ ሰርግ ይደራረብና በአንድ ቅዳሜ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ፎቶ ይዤ እመለሳለሁ። ያን ሁሉ ፋይል በማውስ አንድ በአንድ መለየት ስለሰለቸኝ በሊኑክስ ተርሚናል ዋይልድካርድ፣ ማለትም ብዙ ስሞችን በአንዴ የሚወክል እንደ ኮከብ ያለ ምልክት፣ መጠቀም ለመድኩ። በደንብ ከለመድኩ በኋላ ደግሞ አንድ ሙሉ ሰርግ አጠፋሁ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ የምሠራበት መንገድ ነው።

ምሳሌያችን ያው የጠፋው ሰርግ ይሁን። ፎልደሩ ውስጥ 186 ፎቶዎች አሉ፤ ከ`DSC_0001` እስከ `DSC_0186`። ካሜራው እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ያስቀምጣል፤ አንዱ `.JPG` ሌላው `.NEF`። በተጨማሪ በቴሌግራም ለደንበኛ ለመላክ ያሳነስኳቸው 40 ፋይሎች አሉ፤ ስማቸው `DSC_0007_small.jpg` እንደሚለው ነው። በድምሩ 412 ፋይል። የምፈልገው አርባዎቹን ትንንሾች ማጥፋት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ `pwd` ብለው የት ፎልደር ውስጥ እንዳሉ ይመልከቱ። ይህን ብዙ አላብራራም።

ቀጥሎ ያለው ግን ቆም ተብሎ መታየት አለበት። ብዙ ሰው ለማጥፋት `rm *_small.jpg` ብሎ ሲጽፍ ኮከቧን የሚያነበው `rm` ይመስለዋል። አይደለም። ኮከቧን የሚያነበው ሼሉ፣ ማለትም ተርሚናሉ ውስጥ ትዕዛዝዎን የሚቀበለው ፕሮግራም ነው። ኢንተር እንደተጫኑ ሼሉ ፎልደሩን ያያል፣ ከቃሉ ጋር የሚገጥሙትን ስሞች በሙሉ በኮከቧ ቦታ ይደረድራል፣ ከዚያ በኋላ ነው `rm`ን የሚጠራው። `rm` የሚደርሰው የአርባ ስሞች ዝርዝር ብቻ ነው፤ ኮከብ የሚባል ነገር ፈጽሞ አላየም። በመጀመሪያዎቹ የዩኒክስ ስሪቶች ይህን ድርደራ የሚሠራው `glob` የተባለ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነበር፤ ሥራው ወደ ሼሉ የገባው ቆይቶ ነው።

ይህ ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው። ዝርዝሩን የሚያወጣው ሼሉ ከሆነ፣ ለ`rm` ሊሰጥ ያለውን ዝርዝር ምንም ጉዳት ለማያደርስ ትዕዛዝ አስቀድሞ መስጠት ይቻላል። ስለዚህ መጀመሪያ ይቁጠሩ፣ ከዚያ ስሞቹን ይዩ፦

```
ls -d -- *_small.jpg | wc -l
ls -d -- *_small.jpg
```

የመጀመሪያው `40` ማለት አለበት። ይህን ቁጥር በቃልዎ ይያዙ ወይም ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ በኋላ እንፈልገዋለን። `-d` የተጨመረው በስሙ የሚገጥም ፎልደር ካለ ይዘቱን ሳይሆን ስሙን ብቻ እንዲያሳይ ነው። ሁለቱ ሰረዞች ደግሞ በሰረዝ የሚጀምር ስም ያለው ፋይል እንደ ትዕዛዝ አማራጭ እንዳይቆጠር ይከለክላሉ። ምንም የሚገጥም ፋይል ከሌለ ሼሉ ኮከቧን እንዳለች ይተዋታል፤ `ls`ም እንዲህ የሚባል ፋይል የለም ብሎ ያማርራል። ያን ጊዜ የትልቅና የትንሽ ፊደልን ጉዳይ ያስቡ፦ ካሜራው የሚጽፈው `JPG` በሊኑክስ ከ`jpg` ጋር አይገጥምም።

አሁን ወደ ማጥፋቱ። ትዕዛዙን እንደገና አይጻፉ። የላይኛውን ቀስት ይጫኑ፤ የመጨረሻው ትዕዛዝ ይመለሳል። ከፊቱ ያለውን `ls -d` ብቻ ወደ `rm -I` ይለውጡ፦

```
rm -I -- *_small.jpg
```

እኔ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። ማምሻውን መብራት ሄደና ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ ትዕዛዙን ከባዶ ጻፍኩት። ጣቴ ከኮከቧ በኋላ አንድ ክፍት ቦታ ጨመረች፦

```
rm * _small.jpg
```

ለሼሉ ይህ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ኮከብ ብቻዋን፣ ማለትም ፎልደሩ ውስጥ ያለ ፋይል ሁሉ፤ ሁለተኛው `_small.jpg` የሚባል አንድ ፋይል። ስክሪኑ ላይ የወጣው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦

```
rm: cannot remove '_small.jpg': No such file or directory
```

ይህን አንብቤ ምንም አልጠፋም፣ ትዕዛዙም አልሠራም ብዬ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። `rm` ግን ያልተሳካለትን እንጂ የተሳካለትን አይናገርም። 412ቱን በዝምታ አጥፍቶ፣ ያላገኘውን አንዱን ብቻ ነበር የነገረኝ። በማግስቱ ስከፍተው ፎልደሩ ባዶ ነው። በ`rm` የጠፋ ፋይል ደግሞ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይገኝም።

ከሁለቱ የካሜራ ካርዶች አንዱን ስላልነካሁት በእሱ ላይ የነበረውን መልሼ ገለበጥኩ። ሁለተኛውን ግን እሑድ ለክርስትና ተጠቅሜበት ነበር። ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የተወሰነውን አወጣሁ፤ ስማቸው ግን አብሮ አልተመለሰም፣ ሁሉም ትርጉም የሌለው ቁጥር ይዞ መጣ። የሙሽራዋ እናት ሱቅ መጥተው አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ የአባቷን ጉልበት ስትስም የተነሳችው የታለች?» አሉኝ። ያቺ ፎቶ አዲስ ፎቶ ከተጻፈባቸው ውስጥ ነበረች። ከእንግዶች ስልክ ለቅመን አንዲት ደብዛዛ አገኘን።

`-I` ያን ምሽት ቢኖር ኖሮ ያድነኝ ነበር። ከሦስት በላይ ፋይል ሊያጠፋ ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብሎ ይጠይቃል፣ ቁጥሩንም ይናገራል። በትክክለኛው ትዕዛዝ `rm: remove 40 arguments?` ይላል፤ ቀድመው ከቆጠሩት 40 ጋር ይገጥማልና `y` ብለው ይለፉ። በእኔ ስሕተት ግን የሚጠይቀው ስለ 413 ነበር፦ 412ቱ ፋይሎችና ያ የሌለው ስም። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ እንኳ ከተለያዩ `n` ይበሉ። ሦስትና ከዚያ በታች ሲሆን እንደማይጠይቅ ግን ያስታውሱ።

አንዳንዶች በትንሹ ፊደል `-i` በቋሚነት እንዲሠራ ያደርጋሉ። እኔ አልወደውም። ስለ እያንዳንዱ ፋይል እየጠየቀ አርባ ጊዜ `y` ያስጫንዎታል፤ ከአሥረኛው በኋላ የሚመልሰው ጣት እንጂ ዓይን አይደለም። `rm -rf`ን በልማድ የሚጽፉትን ደግሞ ባይነግሩኝ እመርጣለሁ፤ ከ`-I` በኋላ የገባ `-f` ጥያቄውን ጨርሶ ይሰርዘዋል። በዊንዶውስ ፓወርሼል የሚሠራ ሰው `Remove-Item *_small.jpg -WhatIf` ቢል ሳያጠፋ ሊጠፋ የነበረውን ብቻ ያሳየዋል።

ዛሬ ዛሬ በቀጥታ አላጠፋም፤ መጀመሪያ ወደ ሌላ ፎልደር አወጣለሁ፦

```
mkdir -p yetefa
mv -n -v -t yetefa/ -- *_small.jpg
```

`mv` ገር ይመስላል እንጂ እሱም ያጠፋል። በነባሪው መድረሻው ላይ ተመሳሳይ ስም ካገኘ ሳይጠይቅ ይደርብበታል። መድረሻውን ረስተው `mv *.NEF` ቢሉና ሁለት ፋይል ብቻ ቢኖር፣ ሼሉ ሁለቱን ስሞች ይደረድራል፤ `mv` ደግሞ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ስም አስቀምጦ ሁለተኛውን ያጠፋዋል። የስሕተት መልእክትም አይኖርም። `-t` መድረሻውን ከፊት ስለሚያስቀድም መርሳቱ ይቀራል። የማክ ኮምፒውተር `mv` ግን ይህን ላያውቀው ስለሚችል፣ እዚያ መድረሻውን መጨረሻ ላይ ከነሰያፍ መስመሩ፣ `yetefa/` ብለው ይጻፉ፤ ፎልደሩ ከሌለ አንዱን ፋይል በዚያ ስም ከመሰየም ይልቅ እምቢ ይላል።

`-n` ተመሳሳይ ስም ካለ ፋይሉን እንዳለ ይተወዋል። ሁለት ካሜራ ለምንጠቀም ሰዎች ይህ ግዴታ ነው፤ የወንድሜ ካሜራም የመጀመሪያ ፎቶውን `DSC_0001` ይለዋል። የተተዉት በቦታቸው ስለሚቀሩ ካዘዋወሩ በኋላ ያንኑ `ls` ደግመው ይጥሩ። ፋይል የለም ካለ ሁሉም ተዘዋውሯል፤ ስም ካወጣ እነዚያ ስማቸው የተጋጨ ናቸው።

ቁጥር ላይ የሚመሠረት ምርጫ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ከ0120 እስከ 0145 ያሉት ደብዝዘው ነበር እንበል። ሰው በተፈጥሮው `DSC_01[20-45]*` ብሎ ይጽፋል። ቅንፉ ግን ቁጥር አያውቅም፤ የሚያውቀው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ይህ የሚለው «2፣ ወይም ከ0 እስከ 4 ያለ፣ ወይም 5» ነው፤ ስለዚህ ከ0100 እስከ 0159 ያሉትን በሙሉ ይወስዳል። ትክክለኛው ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚጻፈው፣ የጥያቄ ምልክቱ አንድ ማንኛውንም ፊደል ስለሚተካ፦

```
ls -d -- DSC_01[23]?.JPG DSC_014[0-5].JPG | wc -l
```

ሃያና ስድስት፣ 26 ይላል። ሌላ ቁጥር ካወጣ ቅንፉን ያርሙ እንጂ ወደ `mv` አይለፉ።

በአማርኛ ስም የሚያስቀምጡ ከሆነም ዋይልድካርዱ ይሠራል፤ ሼሉ ግን ሞክሼ ፊደል አያውቅም። እኔ ፎልደሩን «ሰርግ» ስለው ረዳቴ «ሠርግ» ይለዋል፤ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት። አንድ ጊዜ `ሰርግ*` ብዬ ወደ ውጭ ዲስክ ሳዘዋውር የእሱ ግማሽ ኋላ ቀርቶብኛል። አሁን ሁለቱንም በቅንፍ እይዛቸዋለሁ፦

```
ls -d -- [ሰሠ]ርግ*
```

`yetefa` ፎልደር ደንበኛው አልበሙን እስኪወስድ ድረስ እኔ ጋ ይቆያል። ከዚያ ወደ ውስጡ ገብቼ፣ `pwd` ብዬ፣ ቆጥሬ፣ በ`rm -I` አጠፋዋለሁ። ዩፒኤሱ እየጮኸ ከሆነ ግን ለነገ አሳድረዋለሁ።