«ሁለቱን ብቀላቅላቸው ምን ይሆናል?»፦ ዓላማው ላልተገለጸ የኬሚካል ጥያቄ አመላለስ

ችግሩ

የጽዳት ኬሚካሎችን አጠቃቀም ለሰው የሚያስረዳ ባለሙያ «በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ብቀላቅለው ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። ጥያቄው ስለ ዓላማው አንድም ቃል ስለማይናገር፣ መላሹ ጠያቂውን በክፉ ጠርጥሮ ፊቱን ያዞርበታል፤ አለዚያም እንደ ክፍል ውስጥ ትምህርት ቆጥሮ ያለ ልክ ያብራራለታል። ከሁለቱ የባሰው የትኛው እንደሆነ ያከራክራል፤ ፊት የተነሳው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሄዶ ራሱ ይሞክረዋል።

ምክንያቱ

ከእንዲህ ያለው ጥያቄ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ያልተሳካ ጽዳት አለ። ቆሻሻው በአንዱ ኬሚካል አልለቅ ሲል፣ ሁለቱ ቢደመሩ ጉልበታቸው እጥፍ የሚሆን ይመስላል። አንዳንዱ ጠያቂ ደግሞ አስቀድሞ ቀላቅሏል፤ ጉሮሮው እየከረከረው ሳለ ጥፋቱን መናገር ስለሚያፍር «ብቀላቅለው» ይላል። ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት የሚጠይቅም አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ሁሉም የሚጠቀሙት ያንኑ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ በቃሉ ብቻ መለየት አይቻልም።

መፍትሄው

ማስጠንቀቂያው ዓላማውን እስኪያውቁ መጠበቅ የለበትም። «አይቀላቅሏቸው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ሁለቱም ዓይንንና ሳንባን ይጎዳሉ» ማለት ለማንኛውም ጠያቂ የሚጠቅም መልስ ነው። ዓላማውን መጠየቅ ከዚህ በኋላ ይመጣል። «ለምን ፈለጉት?» የሚለው አነጋገር የምርመራ ቃና ስላለው ሰውን ያስደነግጣል፤ በእኔ አስተያየት «ሊያጸዱት ያሰቡት ምንድን ነው? ወይስ ተቀላቅሎብዎት ነው?» ማለት ይሻላል። የኋለኛው አባባል ስህተቱን ከሰውየው ላይ ስለሚያነሳ፣ ያፈረው ሰው እንዲናገር በር ይከፍታል።

አንድ ጠያቂ እንዲህ ሲባል «የሽንት ቤቱ መቀመጫ ውስጥ ጠንካራ ቅርፊት አለ፤ በረኪና ሳፈስበት ይነጣል እንጂ አይለቅም» ብሎ ቢመልስ፣ ጉዳዩ ወዲያውኑ ይገለጣል። ቅርፊቱ ውሃ ውስጥ ካለው ካልሲየም የሚፈጠር የማዕድን ክምችት ነው። በረኪና ቀለሙን ያጠፋዋል፤ ማዕድኑን ግን አያሟሟውም፣ የሚያሟሟው አሲድ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው አሲድ ብቻውን ነው። አስቀድሞ የፈሰሰው በረኪና ግን ሙሉ በሙሉ መውጣት ስላለበት፣ ውሃውን ደጋግሞ መልቀቅ፣ የጽዳት ብሩሹንም በደንብ ማለቅለቅና ክፍሉን ማናፈስ ያሻል። ከዚያ ኮምጣጤ አፍስሶ ሌሊቱን ማሳደርና ጠዋት በብሩሽ መፈግፈግ ነው። ኮምጣጤም አሲድ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ እሱም ክሎሪን ያስወጣል።

«ተቀላቅሎብኛል» የሚል መልስ ከመጣ፣ ስለ ጽዳት የሚደረገው ንግግር እዚያው ይቆማል። ሰውየው ድብልቁን ለመድፋት ሳይመለስ፣ ሌላ ኬሚካልም ሳይጨምርበት፣ ቤት ውስጥ ያሉትን ሁሉ ይዞ ወደ ንጹህ አየር መውጣት አለበት። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይተኛል፤ ሕፃናትና ምድር ቤት ያሉ ሰዎች የበለጠ የሚጋለጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ዓይን ከተነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ይታጠባል፤ የረጠበ ልብስ ይወልቃል። የመተንፈስ ችግር፣ የማያቋርጥ ሳል ወይም የደረት ሕመም ያለበት ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መጀመሪያ ቀለል ያለው ሰው ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል፣ «አሁን ደህና ነኝ» ስላለ ብቻ ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም።

ዓላማውን በለሆሳስ ተጠይቆም መልሱን እየሸሸ፣ ስለ መጠን፣ ስለ ተዘጋ ክፍል ወይም ጋዙን ስለ ማብዛት የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው ጽዳት አይደለም። ለእነዚህ ዝርዝሮች መልስ አይሰጥም፤ ንግግሩን ግን ማቋረጥ አያስፈልግም። በድምፁ ወይም በቃሉ ተስፋ መቁረጥ ከተሰማ «ራስዎን ለመጉዳት አስበው ነው?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ኬሚካሎቹ ከእጁ እስኪርቁና የሚያምነው ሰው ወይም የድንገተኛ እርዳታ ሰጪ አጠገቡ እስኪደርስ ድረስ ብቻውን አይተውም።