የፈተና ወረቀት በፎቶ ሲላክ የጥያቄዎችን ቁጥር እንዴት መጠበቅና የጎደሉትን እንዴት ማወቅ እንደሚቻል

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የተሰጠ ሞዴል ፈተና ወረኢሉ ወይም መርሳ ላለ ተማሪ የሚደርስበት አንዱ መንገድ በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም መላክ ነው። ተቀባዩ ዋናውን ወረቀት ስለማያይ፣ የጎደለ ገጽ መኖሩን የሚያውቀው ከፎቶዎቹ ብቻ ነው። የመልስ ቁልፉ ደግሞ የሚሠራው በዋናው ወረቀት ቁጥር ስለሆነ፣ አንድ ጥያቄ ተዘልሎ ቁጥሩ ቢስተካከል ከዚያ በኋላ ያለው መልስ ሁሉ ይዛባል።

ከማንሳትዎ በፊት ገጾቹን ይቁጠሩ፤ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን የጥያቄ ብዛትም ይመዝግቡ። ሲያነሱ አራቱም የወረቀቱ ጠርዞች ይታዩ።

ለፎቶዎቹ ስም ሲሰጡ በተነሱበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በገጹ ላይ በታተመው ቁጥር ይሰይሟቸው፤ ገጽ 7 `07.jpg` ይባል። ዜሮው የሚጨመረው ብዙ ፕሮግራሞች ስሞችን በፊደል ተራ ሲደረድሩ `10.jpg` ከ`2.jpg` በፊት ስለሚመጣ ነው። በቴሌግራም ሲልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ የሰጡት ስም ይጠፋል፣ ምስሉም ስለሚጨመቅ ትንንሽ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ። ፋይል መላክ ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ቦታ ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም መጠበቁ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን የሚከተለውን ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶ በውስጡ የሚታየውን የመጀመሪያና የመጨረሻ ጥያቄ ቁጥር በወረቀት ላይ ይጻፉ። የአንዱ መጨረሻ 12 ከሆነ የሚቀጥለው በ13 መጀመር አለበት። የፎቶዎቹ ብዛት ከገጾቹ ብዛት ጋር መግጠሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሌላው ቢቀር ቆጠራው ያው ነው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። መሐል ለመሐል ታጥፎ በሽቦ የተያያዘ፣ 16 ገጽና 60 ጥያቄ ያለው የፈተና ጥራዝ ተልኳል እንበል። የመጀመሪያው ገጽ መመሪያ ብቻ ሲሆን በቀሪዎቹ ላይ አራት አራት ጥያቄ አለ። ላኪው ፎቶዎቹን ከ01 እስከ 12 በተነሱበት ተራ ስለሰየማቸው ምንም የጎደለ አይመስልም፤ የገጽ ቁጥሮቹም ከታች ተቆርጠዋል። በመዝገቡ ላይ ክፍተት የሚታይባቸው መስመሮች ግን እነዚህ ናቸው፦

```
04 | 9–12
05 | 21–24
08 | 33–36
09 | 45–48
```

ከ13 እስከ 20 እና ከ37 እስከ 44 ያሉት ጥያቄዎች የሉም። እያንዳንዱ ክፍተት ስምንት ጥያቄ ማለትም ሁለት ገጽ ነው፤ ከመጀመሪያው ክፍተት በፊት አራት ገጽ፣ ከሁለተኛው በኋላም አራት ገጽ አለ። ሁለቱ ክፍተቶች ከሁለቱም ጫፍ እኩል መራቃቸው ምክንያቱን ይጠቁማል። በእንዲህ ዓይነት ጥራዝ አንድ ሉክ አራት ገጾችን ይይዛል፤ ከውጭ ሦስተኛው ሉክ የያዘው ገጽ 5ን፣ 6ን፣ 11ንና 12ን ነው። ስለዚህ ያ ሉክ ከሽቦው ወልቆ መውደቁ ከሁሉም ይልቅ ይገመታል። ላኪውን «ደግመህ አንሳ» ከማለት ይልቅ «መካከል ላይ የወለቀ ሉክ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል፤ ያለዚያ ያንኑ ጎዶሎ ጥራዝ እንደገና አንስቶ ይልካል።

ክፍተት ሁሉ ግን የጠፋ ገጽ አይደለም። ቁጥሩ የዘለለው በአንድ ፎቶ መካከል ከሆነ፣ ማለትም 27 አልቆ ወዲያው ከሥሩ 29 ከተጻፈ፣ የጠፋ ጥያቄ ሳይሆን የአታሚው የቁጥር ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያረጋግጠው የመልስ ቁልፉ ነው። ዝላዩ በገጹ ግርጌ ሆኖ የወረቀቱ ጠርዝ ካልታየ፣ ጥያቄው ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። ቁጥሩ ሳይዘልል የሚጎድልም አለ፦ የጥያቄ 30 «ሀ» እና «ለ» ግርጌ ላይ ሆነው «ሐ» እና «መ» በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ካልተገኙ ጥያቄው ሙሉ አይደለም። በአዛምድ ክፍልም የ«ለ» ረድፍ ሙሉ በሙሉ መታየቱን ያረጋግጡ። ቁጥሩ ታይቶ ጽሑፉ የማይነበብ ከሆነም እንደ ጎደለ ይቁጠሩት።

ፈተናው በየክፍሉ ከ1 የሚጀምር ከሆነ ሁለት «3» ቁጥሮች እንዳይምታቱ የክፍሉን ቁጥር ያስቀድሙ፤ «ክፍል 2፣ ጥያቄ 3» ተብሎ ይጻፍ።

ጥያቄዎቹን ወደ ጽሑፍ ሲገለብጡ የጎደለውን ቁጥር አይዝጉ። «13–20፦ በፎቶው ውስጥ የሉም» ብለው ቦታውን ይተዉና በ21 ይቀጥሉ። የጎደለው ሉክ በኋላ ሲመጣ `05.jpg`፣ `06.jpg`፣ `11.jpg` እና `12.jpg` ተብሎ በቦታው ይገባል፤ ከዚያ በፊት ግን ቀድሞ በተነሱበት ተራ የተሰየሙት በገጽ ቁጥራቸው ይሰየሙ። ስም ሲቀይሩ ከመጨረሻው ፎቶ ይጀምሩ፦ መጀመሪያ `12.jpg` ወደ `16.jpg`፣ ቀጥሎ `11.jpg` ወደ `15.jpg`፤ ከፊት ከጀመሩ አዲሱ ስም ገና ካልተቀየረው ፎቶ ስም ጋር ይጋጫል።