በዪ ጂንግ ስለ ፍቅር ስትጠይቁ፦ ሁለቱን ሄክሳግራሞች አብሮ በማንበብ የሚሠሩ ስህተቶች

ዪ ጂንግ የተባለውን ጥንታዊ የቻይና የጥንቆላ መጽሐፍ ስለ ፍቅር ለመጠየቅ ሦስት ሳንቲም ስድስት ጊዜ ወርውራችሁ ስድስቱን መስመሮች ከታች ወደ ላይ ደርድራችኋል እንበል። ስድስቱ መስመሮች፣ ሙሉዎቹም የተሰበሩትም፣ አንድ ላይ ሄክሳግራም ይባላሉ። አንዱ የሳንቲም ገጽ 3፣ ሌላው 2 ይቆጠራል። ድምሩ 6 ወይም 9 የሆነበት መስመር ይለወጣል፤ ሙሉው ይሰበራል፣ የተሰበረው ሙሉ ይሆናል። ከለውጡ ሁለተኛው ሄክሳግራም ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ማንም አይቸገርም። ጣጣው የሚጀምረው ንባቡ ላይ ነው።

የሚለወጠውን መስመር ዘሎ ማለፍ

ይሄኛው አሁንስ አንገሽግሾኛል። ሰው የሁለቱን ሄክሳግራሞች ስም ብቻ ያይና በመሃል ያለውን ድልድይ ረስቶ ይፈርዳል። አንዲት ልጅ 31ኛው ወጣላት፤ መሳሳብ ማለት ነው። ሦስተኛው መስመር ተለውጦ 45ኛውን፣ መሰባሰብን፣ ሰጣት። «ፍቅር፣ ከዚያ መሰባሰብ! ሽማግሌ ሊልክ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ቀሚስ መምረጥ ነበር የቀራት።

ሦስተኛውን መስመር አንብቢው አልኳት። መሳቡ ጭን ላይ ነው ይላል፤ የሚከተለውን ሙጥኝ ብሏል፣ በዚሁ መሄድ ያሳፍራል። ጭን በራሱ አይንቀሳቀስም፣ አካል ወደ ሄደበት ይሄዳል። እሷም እሱ በደወለ ቁጥር ሁሉን ነገር ጥላ የምትሮጥ ነበረች።

አሁን ሁለቱን እንደገና እዩዋቸው። በ31ኛው የታችኞቹ ሦስት መስመሮች ተራራ፣ የላይኞቹ ሦስት ደግሞ ሐይቅ ይባላሉ። ሦስተኛው መስመር ሲለወጥ ተራራው መሬት ይሆናል፤ ባለበት የሚቆመው ሁሉን ወደሚቀበለው ይለወጣል። 45ኛው ደግሞ ስለ ሁለት ሰው አያወራም። የሚያወራው ንጉሥ ወደ ቤተ መቅደሱ ስለሚመጣበት፣ ትልቅ መሥዋዕት ስለሚቀርብበት፣ ሰው ስለሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። የእኔ ንባብ ይሄ ነበር፦ መሳሳቡ እውነት ነው፣ ግን በዚህ አካሄድ ከቀጠልሽ በዙሪያው ካሉት ብዙዎች አንዷ ትሆኛለሽ። ሁለተኛው ሄክሳግራም የሠርግ ካርድ አይደለም። መስመሩ በሚለው መንገድ ከተሄደ ነገሩ የሚይዘውን መልክ ነው የሚያሳየው።

መጥፎውን መስመር ለሌላ ሰው መስጠት

ዙዎ ጁዋን የተባለው ጥንታዊ የቻይና ዜና መዋዕል ይህን ስህተት በደንብ መዝግቦታል። በቺ ግዛት ጹዪ ዡ የሚባል ሹም ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ የሟቹን ሚስት ያያል። ቆንጆ ናት። ላግባት ብሎ ሲያስጠይቅ 47ኛው፣ ጭንቅ፣ ወጣለት፤ ሦስተኛው መስመር ተለውጦ 28ኛው ሆነ፤ የቤቱ አግዳሚ ከክብደት የሚጎብጥበት ማለት ነው። ጠንቋዮቹ በሙሉ «መልካም ነው» አሉት። ለጌታ ክፉ መናገር ማን ይወዳል!

ቼን ወንዚ የተባለው ሹም ግን ምስሎቹን አገናኝቶ አነበበ። በ47ኛው ከታች ያለው ውኃ መካከለኛው ወንድ ልጅ ነው፣ ማለትም ባልየው። መስመሩ ሲለወጥ ውኃው ነፋስ ይሆናል። ከላይ ያለው ሐይቅ ትንሿ ሴት ልጅ፣ ሚስቲቱ፣ ናት። ነፋስ ሚስትን ይጥላል፣ አታግባት አለው። የመስመሩ ቃልም ያው ነው፦ በድንጋይ ተጨንቋል፣ እሾህ ላይ ተደግፏል፣ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን አያይም፤ ክፉ ነው።

የጹዪ ዡ መልስ ግን «መበለት ናት፣ ምን ችግር አለው? ያንን የፊተኛው ባሏ ወስዶታል» የሚል ነበር። አገባት። የቺ ገዥ ከእሷ ጋር ወዳጅነት ጀመረ፣ ጹዪ ዡም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ548 ገዥውን አስገደለው። ከሁለት ዓመት በኋላ በልጆቹ ጠብ ቤቱ ፈረሰ። ሚስቱ ራሷን ሰቀለች። እሱ ሲመለስ የሚገባበት ቤት አልነበረውም፣ እሱም ራሱን ሰቀለ።

ዛሬም በየቀኑ የምሰማው ይሄንኑ ነው። «መጥፎው መስመር የድሮ ፍቅረኛውን ነው» ይሉኛል። የጠየቅሽው አንቺ ነሽ፣ መስመሩም የወጣው ላንቺ ነው።

ያልተለወጠውን መለወጥ

6 ወይም 9 ካልመጣ ሁለተኛ ሄክሳግራም የለም። ነገሩ ለጊዜው ባለበት ነው። ተጨማሪ ቢኖር ብሎ መስመር መገልበጥ የለም።

ደስ የሚል እስኪወጣ መወርወር

4ኛው ሄክሳግራም ራሱ ይመልስላችኋል፦ ለመጀመሪያው ጥያቄ እመልሳለሁ፣ ሁለቴ ሦስቴ ከሆነ ግን ማሰልቸት ነውና አልመልስም።

«ይወደኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ

ጀማሪ ሁሉ እዚህ ስለሚጀምር አልቆጣም። ነገር ግን ሁለቱ ሄክሳግራሞች የሚያሳዩት ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ የሚደረግ ጉዞን ነው። አዎ ወይም አይ ለሚባል ጥያቄ ሲወጡ ሁለተኛውን ምን እንደምታደርጉት ይጠፋችኋል። «እንዲህ ብቀጥል ይህ ግንኙነት ወዴት ያመራል?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን የመጀመሪያው «አሁን»፣ መስመሩ «እንዲህ ብቀጥል»፣ ሁለተኛው «ወዴት» የሚለውን ይይዛል።