የቁጠባ ወለድዎን ከባንክ ስቴትመንት ላይ አስልተው እንዴት እንደሚያረጋግጡ

በወሩ መጨረሻ ስቴትመንት ላይ ከሚወጡት መስመሮች መካከል አብዛኛው ሰው ሳይመረምር የሚያልፈው የወለዱን ነው። ገቢና ወጪውን ከደብተሩ ጋር የሚያመሳክር ነጋዴ እንኳ ወለዱን ባንኩ እንዳሰላው ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው መረጃ ከሞላ ጎደል እዚያው ወረቀት ላይ አለ። ከዚህ በታች የሚቀርበው አሠራር ወለዱ በዕለታዊ ቀሪ ሂሳብ አማካይ ለሚታሰብ የቁጠባ ሂሳብ የሚሆን ነው። ከወለድ ነፃ ሂሳብ ያላቸውን ሰዎች አይመለከትም።

በመጀመሪያ ስቴትመንቱን በትክክለኛው ቀን ማስጀመር ያስፈልጋል። የሜይን ወለድ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ስቴትመንቱን ከኤፕሪል 30 ጀምሮ ማስወጣት አለበት፤ ምክንያቱም የወሩ የመጀመሪያ ገንዘብ እስኪገባ ወይም እስኪወጣ ድረስ ባሉት ቀናት በሂሳቡ ላይ የነበረው የኤፕሪል መዝጊያ ቀሪ ነው። በስልክ የሚታየው አጭር የእንቅስቃሴ ዝርዝር ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ቅርንጫፍ ሄደው ሙሉ ስቴትመንት ሲጠይቁ ገንዘቡ የተመዘገበበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ቫልዩ ዴት የሚባለውን፣ ማለትም ገንዘቡ ለወለድ መቆጠር የሚጀምርበትን ቀን የሚያሳይ እንዲሆን ይጠይቁ። እዚያው ሳሉም ሦስት ነገሮችን ያረጋግጡ፦ ዓመታዊ የወለድ ተመኑ ስንት እንደሆነ፣ ስሌቱ በዕለታዊ አማካይ መሆኑን፣ ዓመቱም በ365 ወይም በ360 ቀን መካፈሉን። ተመኑን በተመለከተ ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎ ነበር፤ ከታች ያለው ምሳሌም በ7 በመቶና በ365 ቀን የተሠራ ነው።

ሱሉልታ ላይ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። በሜይ 2025 መግቢያ ላይ በቁጠባ ሂሳቧ 48,000 ብር ነበራት። ሜይ 6 ቀን ከአንድ የወተት ላሞች እርባታ የተቀበለችውን የ30,000 ብር ቼክ ስላስገባች ቀሪዋ 78,000 ሆነ። ሜይ 14 ቀን መኖ ለመግዛት 45,000 ብር ስታወጣ ወደ 33,000 ወረደ። ሜይ 27 ቀን ደግሞ 19,000 ብር አስገብታ ወሩን በ52,000 ብር ዘጋች።

አሁን እያንዳንዱ ቀሪ ለስንት ቀን እንደቆየ መቁጠር ነው። የሚወሰደው በቀኑ መጨረሻ ላይ ያለው ቀሪ ስለሆነ ገንዘብ የገባበት ቀን ለአዲሱ ቀሪ ይቆጠራል፤ ገንዘብ የወጣበት ቀንም እንዲሁ። ስለዚህ 48,000 ብሩ ከሜይ 1 እስከ 5 ለ5 ቀን፣ 78,000 ብሩ ከ6 እስከ 13 ለ8 ቀን፣ 33,000 ብሩ ከ14 እስከ 26 ለ13 ቀን፣ 52,000 ብሩ ደግሞ ከ27 እስከ 31 ለ5 ቀን ቆይቷል። ወደሚቀጥለው ስሌት ከመሄድዎ በፊት ቀናቱን ይደምሩ፤ 5፣ 8፣ 13 እና 5 በአንድ ላይ 31 መሆን አለባቸው። ድምሩ 30 ወይም 32 ከመጣ አንዱ ድንበር ላይ ያለ ቀን ተረስቷል ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው።

ቆጠራው የሚበላሽባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ስቴትመንቱ ቅዳሜና እሁድ ምንም መስመር ባያወጣም ቀሪው በእነዚያ ቀናትም ስላለ ይቆጠራሉ። በአንድ ቀን ሦስት አራት እንቅስቃሴ ካለ የመጨረሻው ቀሪ ብቻ ይወሰዳል። በእኛ አገር ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ የራሱ ጣጣ አለው፤ ነጋዴዋ በደብተሯ ላይ ቼኩን ያስገባችው ሚያዝያ 28 ቀን ብላ ስትጽፍ ስቴትመንቱ ግን ሜይ 6 ይላል። ደብተሩን ይዞ ወሩን 30 ቀን አድርጎ የሚቆጥር ሰው ከባንኩ ቁጥር ጋር ሊገናኝ ስለማይችል ቆጠራው በሙሉ በስቴትመንቱ ቀናት መካሄድ አለበት።

ቀናቱ ከተስተካከሉ በኋላ እያንዳንዱን ቀሪ በቆየበት ቀን ያባዙ። 48,000 በ5 ሲባዛ 240,000፣ 78,000 በ8 ሲባዛ 624,000፣ 33,000 በ13 ሲባዛ 429,000፣ 52,000 በ5 ሲባዛ 260,000 ይሆናል። የአራቱ ድምር 1,553,000 ነው። ይህን ድምር በ31 ስናካፍለው የወሩ ዕለታዊ አማካይ 50,096.77 ብር ይሆናል። ወለዱ ይህ አማካይ በ7 በመቶ ተባዝቶ፣ በ31 ቀን ተባዝቶ፣ ለ365 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሆኖም በ31 አካፍሎ መልሶ በ31 ማባዛት ሥራውን ከማርዘሙም በላይ ሳንቲሞች በመሀል እንዲጠፉ ስለሚያደርግ፣ በቀጥታ 1,553,000ን በ0.07 አባዝቶ ለ365 ማካፈሉ የተሻለ ነው። ውጤቱ 297.84 ብር ነው። ቀሪዎቹን በኤክሴል ከB2 እስከ B5፣ ቀናቱን ከC2 እስከ C5 የጻፈ ሰው በዚህ አንድ መስመር ያገኘዋል፦

```
=ROUND(SUMPRODUCT(B2:B5,C2:C5)*0.07/365,2)
```

አራቱን ቀሪዎች ብቻ ደምሮ ለአራት ማካፈል አማካይ አይሰጥም። እንዲያ ቢደረግ 52,750 ብር ይመጣና ወለዱ 313.61 ይሆናል፤ ነጋዴዋም 13 ቀን የቆየውን ትንሹን ቀሪ 5 ቀን ከቆየው እኩል ስለቆጠረች ያልተወሰደባትን ገንዘብ ተወሰደብኝ ብላ ልትከራከር ነው።

እንግዲህ ስቴትመንቱን እንይ። የወለዱ መስመር 286.33 ብር ይላል እንበል። ከእኛ ስሌት በ11.51 ብር ያንሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ወይ ይተወዋል፣ ወይም ልዩነቱን ብቻ ይዞ ቅርንጫፍ ይሄዳል። ልዩነቱ ግን ከየት እንደመጣ ራሱ ይናገራል፤ ስሌቱን ወደ ኋላ መሥራት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። 11.51ን በ365 አባዝተን ለ0.07 ስናካፍል 60,016 ገደማ እናገኛለን። ይህ ቁጥር ባንኩ ያልቆጠረው የብርና የቀን ብዜት ነው። አንድ ሳንቲም ብቻዋን ወደ 52 የሚጠጋ ብዜት ስለምትወክል፣ ወለዱ ወደ ሳንቲም ሲጠጋጋ የተፈጠረችውን 16 ትተን 60,000 ብለን እንወስዳለን።

ከወሩ እንቅስቃሴዎች ውስጥ በሙሉ ቀን ተባዝቶ 60,000 የሚሰጠው የትኛው ነው? 45,000 ለአንድ ቀን ያንሳል፣ ለሁለት ቀን ይበልጣል። 19,000 ለሦስት ቀን 57,000፣ ለአራት ቀን 76,000 ነው። 30,000 ለሁለት ቀን ግን ልክ 60,000 ይሆናል። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው ሜይ 6 ላይ በገባው ቼክ ነው፤ ባንኩ 30,000 ብሩን ለወለድ መቁጠር የጀመረው ከሜይ 8 ነው ማለት ነው። የቫልዩ ዴቱን ዓምድ ስናይ በእርግጥም ሜይ 8 ተጽፎ እናገኛለን።

ይህ ስህተት ነው ወይስ አይደለም የሚለው የሚወሰነው ገንዘቡ በገባበት መንገድ ነው። ቼኩ የሌላ ባንክ ከሆነ፣ የነጋዴዋ ባንክ ገንዘቡን ከዚያኛው ባንክ እስኪቀበል ድረስ ወለድ አለመቁጠሩ የተለመደ አሠራር ነው፤ ቀሪው ዓምድ ላይ 78,000 ተብሎ ከሜይ 6 ጀምሮ ቢታይም የወለዱ ቆጠራ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይከተላል። በዚህ ሁኔታ ነጋዴዋ የምታቀርበው ቅሬታ የለም። ያው 30,000 ብር በጥሬ ገንዘብ በመስኮት የገባ ቢሆን ኖሮ ግን ለሁለት ቀን የሚዘገይበት ምክንያት ስለማይኖር የገቢ ደረሰኙን ይዞ ማስተካከያ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሥራ ሰዓት ማብቂያ ላይ የገባ ወይም በሞባይል በማታ የተላከ ገንዘብ ለሚቀጥለው የሥራ ቀን ሊመዘገብ ስለሚችል፣ የአንድ ቀን ልዩነት ሲገኝ ከሁሉ በፊት ደረሰኙ ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ይበጃል።

ብዜቱ ከየትኛውም እንቅስቃሴ ጋር አልገጥም ካለ ችግሩ በአንድ መስመር ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ የባንኩን ወለድ ለራስዎ ወለድ ያካፍሉ። ውጤቱ 1.0139 አካባቢ ከሆነ ባንኩ ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ ነው ያሰበው፤ በምሳሌያችን 301.97 ብር ይሆን ነበር። የባንኩ ቁጥር በጣም ዝቅ ብሎ 196.19 ቢመጣ ደግሞ ወለዱ በአማካዩ ሳይሆን በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ፣ ማለትም በ33,000 ብር ለ31 ቀን የታሰበ ነው። ይህን ከማሽኑ ስህተት ይልቅ የሂሳቡ ውል ሊያስረዳው ስለሚችል ሂሳቡ ሲከፈት የተፈረመውን ቅጽ ማንበብ ያስፈልጋል።

ግብሩን ለመጨረሻ የተውኩት ከወለዱ ጋር ተደባልቆ እንዳያሳስት ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 በቁጠባ ወለድ ላይ የተጣለው ግብር 5 በመቶ ሲሆን ባንኩ ራሱ ቀንሶ ያስቀራል። በሜይ 2025 ከ286.33 ብር ላይ 14.32 ብር ተቀንሶ ለነጋዴዋ የሚደርሳት 272.01 ብር ነው። አንዳንድ ስቴትመንት ወለዱንና ግብሩን በሁለት መስመር ሲለይ ሌላው የተጣራውን ብቻ ያሳያል። የተጣራ ብቻ ካሳየ ቁጥሩን ለ0.95 አካፍለው ወደ ሙሉ ወለዱ ይመልሱትና ከዚያ ያነጻጽሩ፤ የግብሩ ምጣኔ በአዋጅ ሲሻሻል ማካፈያውም አብሮ ይለወጣል።

ማስተካከያ ለመጠየቅ ሲሄዱ የቀሪዎቹንና የቀናቱን ዝርዝር በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ልዩነቱ ያረፈበትን እንቅስቃሴ አስምረው፣ ደረሰኙን አያይዘው ያቅርቡ። የአንድ ወይም የሁለት ሳንቲም ልዩነት ከሆነ ግን ባንኩ ወለዱን በየቀኑ እያሰበ ሲያጠጋጋ የሚፈጠር ስለሆነ የሚያስኬድ ጉዳይ የለውም።