ለተከራይ የኪራይ ጭማሪ ስናስረዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሥራዬ የሰው ቤት ማከራየትና ማስተዳደር ነው። ውል የሚታደስበት ጊዜ ሲቃረብ ባለቤቶች ይደውሉና «ዘንድሮ እንጨምር» ይሉኛል። ይጨመር። ተከራዩም ቢሆን ኪራይ እንደማይቆም ያውቃል። ነገር የሚበላሸው «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። እዚያ ላይ ባለቤቱ በሁለት ደቂቃ ንግግር ደህና ተከራይ ያስቀይማል። አንዳንዴም ያስለቅቃል።

አንድ፦ ማስታወቂያ አሳይቶ «ገበያው ይኸው» ማለት

ይሄ በጣም ስለሚያናድደኝ ትንሽ ልቆይበት።

ባለቤቱ ስልኩን ይከፍትና የኪራይ ማስታወቂያ ያያል። ሁለት መኝታ ቤት፣ 15,000። ቀጥሎ ያለውም 15,000። የእሱ ቤት የተከራየው በ12,000 ነው። (ገንዘቡን በፈለጋችሁት አገር ገንዘብ አስቡት።) «ተበልቻለሁ!» ይላል። ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቶ ለተከራዩ ይልክና 15,000 እንዲከፍል ይጠይቀዋል። ተከራዩም ስልክ እንዳለው ይረሳል። ተከራዩ ያንኑ ማስታወቂያ ከሁለት ወር በፊት አይቶታል። ቤቱ ዛሬም ባዶ ነው።

ማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋ አከራዩ የተመኘው ዋጋ ነው። የገበያ ዋጋ የሚባለው ግን ሰው ፈርሞ የሚከፍለው ነው። ሁለቱ አንዳንዴ ይገጣጠማሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገጣጠሙም። ደግሞም አንድ የማይታይ ነገር አለ። ዋጋው ደህና የሆነ ቤት ቶሎ ይያዝና ማስታወቂያው ይወርዳል። የተወደደው እዚያው ተሰቅሎ ይከርማል። ስለዚህ በማንኛውም ቀን ማስታወቂያ ከፍቶ የሚያይ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ሰው ያልፈለጋቸውን ቤቶች ነው። በእነሱ ዋጋ መተመን ሳይሸጥ በተረፈ ዕቃ ገበያውን እንደመለካት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በቅርብ ወራት የተፈረመባቸው፣ የእናንተን ቤት የሚመስሉ ሁለት ሦስት ቤቶች ፈልጉ። ደላላ ጠይቁ፣ ጎረቤት አከራይ ጠይቁ። ከዚያ ልዩነታቸውን አስተካክሉ። ከላይ ያልኳችሁን ቤት እንውሰድ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም፣ የመኪና ማቆሚያም የለውም። ባለቤቱ ሦስት ማነጻጸሪያ አምጥቶልኝ ነበር።

የመጀመሪያው 15,000 የሚለው ነው። ሊፍትም ማቆሚያም አለው፤ ግን እስካሁን ማንም አልተከራየውም። ይሄ ማስረጃ አይሆንም፣ ጣልነው። ሁለተኛው በቅርቡ በ14,000 ተፈርሞበታል፤ ሆኖም ማቆሚያ አለው። በዚያ አካባቢ ማቆሚያ ለብቻው በ800 ይከራያል። ያንን ስንቀንስ 13,200 ይቀራል። ሦስተኛው እዚያው ሕንፃ ላይ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ በ13,000 ተከራይቷል። ደረጃው ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል፣ አዲስ የተሠራው ወጥ ቤቱ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ይካካሳሉ ብለን እንዳለ ያዝነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ዋጋ ከ13,000 እስከ 13,200 ነው። 13,000 እንጠይቅ አልኩ፣ ማለትም ወደ 8 በመቶ ጭማሪ። ባለቤቱ ደስ አላለውም። «በወር 2,000 ልጣ?» አለ። ወረቀት አውጥተን አሰላን። ተከራዩ በ13,000 ከቆየ በዓመት 156,000 ይገባል። 15,000 ጠይቀነው ቢወጣና ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቢቆይ፣ ከዚያም ያው በገበያው ዋጋ በ13,200 ቢከራይ፣ በቀሪው አሥር ወር የሚገባው 132,000 ነው። ይሄ የቀለምና የደላላ ሳይቆጠር ነው። ምንም ሳይጨምር በ12,000 ቢያቆየው እንኳ 144,000 ያገኝ ነበር።

በነገራችን ላይ አንድ ወር ባዶ የቆየ ቤት ብቻውን ከባድ ነው። የወጣውን ተከራይ የድሮ ገቢ በአንደኛው ዓመት ለመመለስ አዲሱ ተከራይ 9 በመቶ ገደማ ጨምሮ መክፈል አለበት። «ይውጣ፣ ሌላ ይገባል» ለሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ ይህችን ሒሳብ ነው የማሳያቸው።

ለተከራዩ የምትነግሩትም ይኸው ነው። የተከራዩትን ሁለት ቤቶች፣ ዋጋቸውን፣ ምን ላይ እንደሚለዩና ምን ያህል እንደቀነሳችሁ። ሦስት አራት መስመር ይበቃል። ማቆሚያውን ቀንሳችሁ ያሳያችሁት ሰው ልታታልሉት እንዳልመጣችሁ ይገባዋል።

ሁለት፦ የራስን ችግር ምክንያት ማድረግ

«የባንክ ዕዳዬ ከበደኝ»፣ «የልጆች ትምህርት ቤት ጨመረ»። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ለተከራዩ ምኑ ነው? ዕዳው ሲያልቅ ኪራይ ሊቀንሱለት ነው? እሱም የራሱ ችግር አለው፤ እናንተ የእናንተን ካወራችሁ እሱም የእሱን ማውራት ይጀምራል። ከዚያ ስለ ቤቱ የሚያወራ ሰው አይገኝም።

የቤቱ የራሱ ወጪ ግን ሌላ ነው። የቤት ግብር፣ የጥበቃ፣ የጋራ መብራት፣ ኢንሹራንስ ከጨመረ መናገር ይቻላል፤ በቁጥር ከሆነ። ግብሩ በዓመት በ2,400 ከጨመረ በወር 200 ነው። 200ውን ጠርቶ 1,000 መጨመር ሰው ያስቃል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። በገበያ ዋጋ ተመስርታችሁ 13,000 ካላችሁ በኋላ «ለግብሩ ደግሞ 200» አትበሉ። እነዚያ በ13,000 ያከራዩት ባለቤቶችም ግብር ይከፍላሉ፤ ወጪው ዋጋው ውስጥ ገብቷል። ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል።

ሦስት፦ ጊዜውን ከራስ በኩል ብቻ መቁጠር

ከሁሉ በፊት የአገራችሁን ሕግና የፈረማችሁትን ውል አንብቡ። ምን ያህል መጨመር እንደሚቻል ጣሪያ ያለበት አገር አለ። በስንት ጊዜ አንዴ መጨመር እንደሚቻል፣ ከስንት ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግም እንዲሁ የተወሰነ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቦታ ዘግይቶ የደረሰ ማስታወቂያ ጭማሪውን ያዘገየዋል፣ አለዚያም ውድቅ ያደርገዋል። ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተከራዩ እጅ ከገባበት ነው እንጂ እናንተ ከጻፋችሁበት አይደለም።

ሕጉ 30 ቀን ቢል ግን 30 ቀን በቂ ነው ማለት አይደለም። ውላችሁን ተመልከቱ። ተከራዩ የሚለቅ ከሆነ ከአንድ ወር በፊት እንዲነግራችሁ አስፈርማችሁታል አይደል? ታዲያ ጭማሪውን ውሉ ሊያልቅ 30 ቀን ሲቀረው ብትነግሩት መቼ ያስብ? በዚያው ቀን መወሰን አለበት። ወይ ይከፍላል ወይ ውል ያፈርሳል። ይሄ ማሳወቅ ሳይሆን ማጣደፍ ነው፣ እሱም ይገባዋል።

ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ውሉ ሊያልቅ 30 ቀን ሲቀረው ውሳኔውን ይነግራችኋል። ከዚያ በፊት ቤት ለማየትና ዋጋ ለማነጻጸር ቢያንስ አንድ ወር ይፈልጋል። ከቤተሰብ ጋር ለመመካከርና ከእናንተ ጋር ለመነጋገር ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት። ስለዚህ ከ75 እስከ 90 ቀን ቀደም ብላችሁ ንገሩት። ከስድስት ወር በፊት መናገር ደግሞ አይጠቅምም፤ ያቀረባችሁት ማነጻጸሪያ ውሉ እስኪደርስ ያረጃል።

ውሉ በተወሰነ ጊዜ የተፈረመ ከሆነና ስለ ጭማሪ ምንም ካላለ፣ መሀል ላይ መጨመር አይታሰብም።

አራት፦ ደረጃ ላይ አግኝቶ መናገር

ሰውዬው ከሥራ ደክሞት እየገባ፣ ልጁን እንዳቀፈ፣ «እንግዲህ ከሚቀጥለው ኪራይ ጨምሬያለሁ»። እባካችሁ። ቀጠሮ ይዛችሁ አነጋግሩት፣ ወረቀቱን ደግሞ በዚያው ቀን ስጡት። ወረቀቱ ረጅም አይሁን። እኔ የምጽፈው ይሄን ያህል ነው፦

«የኪራይ ውላችን ከሦስት ወር በኋላ ያበቃል። እርስዎ ፈቃደኛ ከሆኑ ለአንድ ዓመት ለማደስ እንፈልጋለን። አዲሱ ኪራይ በወር 13,000 ይሆናል፤ አሁን ከሚከፍሉት በ1,000 ይበልጣል። ዋጋው በቅርቡ ከተከራዩ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች ጋር ተነጻጽሮ የተወሰነ ነው፤ ዝርዝሩ ከታች ተጽፏል። ውሳኔዎን ውሉ ሊያበቃ 30 ቀን ሲቀረው ያሳውቁን። እስከዚያ ድረስ ቤቱን ለሌላ ሰው አናሳይም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትሠራለች። ስትጽፏት ግን አክብሯት።

አምስት፦ «ሌላ ተከራይ ተሰልፏል» ብሎ መዋሸት

«እንግዲያው እሱን አስገባው» ይላችኋል። ከዚያስ?

ስድስት፦ ጥገና በጠየቀ ማግስት መጨመር

ቧንቧው ያፈሳል ብሎ ደውሎ በሳምንቱ የጭማሪ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ቅጣት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በአንዳንድ አገር ሕጉም እንደ በቀል ሊያየው ይችላል። መጀመሪያ ቧንቧውን አስጠግኑ። ቤቱ እያፈሰሰ ከደህና ቤት ጋር ማነጻጸርም አይቻል።

ሰባት፦ ሲከራከር መቆጣት

ደህና ተከራይ ይከራከራል። የራሱን ማነጻጸሪያም ያመጣል። የእናንተን ለማየት በተጠቀማችሁበት ዓይን እዩለት፦ ተፈርሞበታል ወይስ ማስታወቂያ ነው? ምን ላይ ይለያል? እውነት ከያዘ ዝቅ በሉ። ካልያዘ ለምን እንዳልተቀበላችሁት ንገሩት።

ዋጋው ትክክል ሆኖ አቅሙ ላይ ከከበደው ጭማሪውን ለሁለት ጊዜ መከፋፈል ይቻላል። ለስድስት ወር 12,500፣ ለቀጣዩ ስድስት ወር 13,500። በዓመቱ ያው 156,000 ነው፤ ለእሱ ግን መጀመሪያው ይቀልለዋል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በሚቀጥለው እድሳት መነሻችሁ 13,500 ነው ወይስ 13,000? አሁኑኑ ተነጋገሩበት፤ ካልሆነ በዓመቱ ሁለታችሁም የተለያየ ነገር ታስታውሳላችሁ። የተስማማችሁበትን መነሻ፣ ሁለቱን ዋጋዎችና የሚጀምሩባቸውን ቀናት አዲሱ ውል ላይ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት።